ከጭነት ሥራ ወደ ወንበር፦ 14 ኪሎ ከየት መጣ?

«ዶክተር፣ ዕድሜዬ 34 ነው፣ ቁመቴ 1.78። ለ11 ዓመት መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ወገቤን ዲስክ አሞኝ እዚያው የዕቃ ምዝገባ ላይ ተመደብኩ፤ አሁን ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። በ14 ወር ውስጥ ከ82 ኪሎ 96 ገባሁ። ቦርጬ ወጥቶ የወገቤ ዙሪያ 102 ሴንቲ ሜትር ሆኗል። የምበላው ግን ከድሮው ያነሰ ነው፣ እመኑኝ። ጓደኞቼ ጡንቻህ ወደ ስብ ተቀየረ ይሉኛል። ሜታቦሊዝሜ ሞቶ ነው? ሩጫ ልጀምር?»

አምንዎታለሁ። እንዲህ ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ «ደብቀህ ትበላለህ» ተብሎ ተሸማቆ ነው የሚመጣው። በእርስዎ ጉዳይ ግን ከድሮው ያነሰ መብላትና መወፈር አብረው የሚሄዱ ናቸው። ቁጥሮቹን አንዴ አብረን እንያቸው፤ ከዚያ በኋላ ምን መቀነስ እንዳለበት ራሱ ግልጽ ይሆናል።

በእርስዎ ዕድሜ፣ ቁመትና በድሮው 82 ኪሎ ሰውነትዎ ዝም ብሎ ተኝቶ ለመኖር ብቻ በቀን ወደ 1,750 ካሎሪ ያቃጥላል። ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይሠራል፣ ጉበትና አንጎል ሥራ አያቆሙም። ቀኑን ወንበር ላይ የሚያሳልፍ ሰው በዚህ ላይ ትንሽ እንቅስቃሴ ሲጨምር ጠቅላላው 2,500 አካባቢ ይመጣል። ጭነት ላይ በነበሩበት ጊዜስ? ከፈረቃው ስምንት ሰዓት ውስጥ ጥበቃውንና ዕረፍቱን ቀንሰን የምር የተሸከሙትን አራት ሰዓት እንኳ ብንቆጥር፣ ተጨማሪ 1,400 ካሎሪ ያህል ይቃጠል ነበር። በጠቅላላው ወደ 3,900 ማለት ነው። ወንበሩ ላይ በተቀመጡ ዕለት ያ 1,400 በአንድ ጊዜ ጠፋ። ግምት ነው፤ ሁለት መቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊሄድ ይችላል። የነገሩ መጠን ግን ይኸው ነው።

እርስዎም ምግብዎን ቀንሰዋል። ክብደትዎ ከጨመረበት ፍጥነት ወደ ኋላ ስናሰላው፣ ከድሮው ወደ 800 ካሎሪ ያህል ሳይቀንሱ አልቀሩም። ይህ ትንሽ አይደለም፤ አንድ ጥሩ ምሳ ነው። ሆኖም የጠፋው 1,400 ስለሆነ በቀን 600 ያህል ተርፎ ነው የጀመሩት። ስለዚህ «ከድሮው ያነሰ እበላለሁ» ማለትዎም ልክ ነው፣ «ከሚያስፈልግዎት በላይ ይበላሉ» ማለቴም ልክ ነው።

እዚህ ላይ ሒሳብ የሚወድ አንባቢ ይጠይቀኛል። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ከያዘ፣ በቀን 600 የሚተርፈው ሰው በ14 ወር ከ30 ኪሎ በላይ መጨመር አልነበረበትም? አልነበረበትም፤ ምክንያቱም ትልቅ ሰውነት ብዙ ያቃጥላል። 96 ኪሎ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት 82 ኪሎ ይዞ ከመውጣት የበለጠ ጉልበት ይወስዳል። በግምት እያንዳንዱ የተጨመረ ኪሎ የቀኑን ወጪ በ24 ካሎሪ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የእርስዎ 14 ኪሎ ወጪዎን ወደ 2,800 አድርሶታል፤ የሚተርፈውም ከ600 ወደ 300 ወርዷል። አሁንም በወር አንድ ኪሎ ያህል እየጨመሩ ነው ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ጭማሪው እየቀዘቀዘ ይሄድና ከመነሻው 25 ኪሎ ገደማ በላይ ሆኖ ይቆማል። ያን ያህል እንዲጠብቁ አልፈልግም። አሁን መሀል መንገድ ላይ ነዎት፤ ጊዜው ጥሩ ነው።

ታዲያ የምግብ ፍላጎትዎ ለምን ራሱ አልቀነሰም? ሥራ ሲቀንስ ረሃብም አብሮ መቀነስ ነበረበት ብለን ሁላችንም እናስባለን። እ.ኤ.አ. በ1956 የሥነ ምግብ ተመራማሪው ዣን ማየርና ባልደረቦቹ ሕንድ ውስጥ በምዕራብ ቤንጋል ጁት የተባለውን የጆንያ ቃጫ በሚሠራ አንድ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ከባድ ሸክም የሚሸከሙት ብዙ ይበሉ ነበር፣ ቀጭኖችም ነበሩ። ቀለል ያለ ሥራ የሚሠሩት ያነሰ ይበሉ ነበር፣ እነሱም ቀጭኖች ነበሩ። እስከዚህ ድረስ ረሃብ ሥራን ተከትሎ ይሄዳል። ተቀምጠው የሚውሉት ጸሐፊዎችና ሱቅ ጠባቂዎች ጋ ሲደርስ ግን መስመሩ ይሰበራል። እነሱ ከባዱን ሥራ ከሚሠሩት ጋር የሚቀራረብ ምግብ ይበሉ ነበር፤ ክብደታቸውም ከሁሉም ይበልጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ሌላ ትንሽ ጥናት ደግሞ ስድስት ቀጫጭን ወንዶችን ለሰባት ቀን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ እንደፈለጉ እንዲበሉ ፈቀደላቸው፤ አንዴ እንቅስቃሴ እያደረጉ፣ አንዴ ያለ እንቅስቃሴ። እንቅስቃሴው ሲቀር የበሉት አልቀነሰም። የተረፈው ሁሉ ተከማቸ።

ሰውነታችን ሥራ ሲበዛ «ጨምር» ማለት ያውቅበታል። ሥራ ከተወሰነ መጠን በታች ሲወርድ «ቀንስ» ማለት ግን ብዙም አይችልበትም። እርስዎ የተላለፉት ልክ በዚያ መስመር ላይ ነው። ይህ የአቅም ወይም የዲሲፕሊን ጉድለት አይደለም፤ «ሲርበኝ ብቻ እበላለሁ» የሚለው ምክር ለእርስዎ የማይበቃበት ምክንያትም ይኸው ነው።

ጡንቻ ወደ ስብ ስለመቀየሩ የጓደኞችዎ ነገር ትክክል አይደለም። ጡንቻና ስብ የተለያዩ ሕዋሳት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሆንም። የሆነው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነው፤ የማይሠራው ጡንቻ ሳሳ፣ ስቡ ደግሞ በራሱ መንገድ ጨመረ። ሜታቦሊዝሜ ሞተ ለሚለውም አንድ ኪሎ ጡንቻ በዕረፍት ላይ በቀን 13 ካሎሪ ገደማ ነው የሚያቃጥለው። ሦስት ኪሎ ጡንቻ ቢያጡ እንኳ 40 ካሎሪ ነው። ከ1,400 ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ዕረፍት ላይ ያለው ሰውነትዎ ደህና ነው። የጠፋው ሥራው ነው።

ሩጫውን በተመለከተ፣ አሁን አይጀምሩ። አንድ ኪሎ ሜትር መሮጥ በኪሎ ክብደት አንድ ካሎሪ ያህል ያስወጣል፤ በእርስዎ 96 ኪሎ 96 ካሎሪ ገደማ ማለት ነው። የጠፋውን 1,400 በሩጫ ለመመለስ በየቀኑ 14 ወይም 15 ኪሎ ሜትር መሮጥ ይኖርብዎታል። ዲስኩን ያመመውና 14 ኪሎ የጨመረ ሰው ይህን በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ነው የሚያቆመው። ደሞዝ የሚከፈልበትን የአካል ሥራ በትርፍ ሰዓት ስፖርት መተካት አይቻልም። ስፖርት ያስፈልግዎታል፣ ግን ለሌላ ምክንያት፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከባድ ሥራ የሠራ ሰው የሚበላው ረሃብን ብቻ ተከትሎ አይደለም። ለመጪው ሥራ አስቀድሞ ይበላል። ጠዋት ሳይርበው ጠግቦ ይወጣል፤ ምክንያቱም በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉልበቱ እንደሚከዳው ከልምድ ያውቃል። ዕረፍት ሲደወል ይበላል፣ ምክንያቱም ቀጣዩ ዕረፍት ሩቅ ነው። ላቡን ለመተካት ጣፋጭ ይጠጣል። ለ11 ዓመት ይህ ሁሉ ብልህነት ነበር። ሥራው ሲቀር ግን እነዚህ ምግቦች አብረው አልቀሩም። ሰዓታቸው፣ ጓደኞቻቸውና ቦታቸው እንዳለ ነው፤ እርስዎም እዚያው መጋዘን ውስጥ ነዎት፣ ያው ደወል ይደወላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ምንም አይቀንሱ። ብቻ ይጻፉ። ማንኛውንም አፍዎ የገባ ነገር፣ ሰዓቱንና አንድ ቃል፦ «ረሃብ»፣ «ሰዓት» ወይም «ሰው»። ረሃብ ማለት ሆድዎ ጠይቆ ነው። ሰዓት ማለት ጊዜው ስለደረሰ ነው። ሰው ማለት ሌሎች ስለበሉ ነው። መጠጥንም አይርሱ፤ ሰዎች የሚረሱት እሱን ነው። በሥራዬ እንዳየሁት ግራም መመዘን ብዙ ሰው በሦስተኛ ቀን ይሰለቸዋል፤ ይህችን አንድ ቃል ግን ሳምንቱን ሙሉ ይጽፋታል።

ከጭነት ወደ ቢሮ የገባ ሰው መዝገብ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይመስላል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትልቅ ቁርስ፣ «ሰዓት»። አራት ሰዓት ላይ ከድሮ ባልደረቦች ጋር ዳቦ በቅቤና ለስላሳ፣ «ሰው»። ሰባት ሰዓት ምሳ፣ «ረሃብ»። ከሰዓት በኋላ ሦስት ስኳር የተደረገበት ሻይ፣ አንዴም ሁለቴም፣ «ሰው»። ማታ ራት፣ «ረሃብ»። አራት ሰዓት የሚለው መስመር ላይ ይቁሙ። ግማሽ ሊትር ለስላሳ ወደ 50 ግራም ስኳር አለው፣ 200 ካሎሪ ነው። ዳቦው ከቅቤው ጋር 350 ይሆናል። በቀን አራት ሻይ የሚጠጣ ሰው በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ካደረገ ሌላ 190 ነው። ሲደመር 740 ካሎሪ መጣ፤ አንድም ቀን ረሃብ አልጠራውም። ምሳም ራትም አልተነኩም።

የምመክርዎት ይህንን ነው። ሁሉንም ምግብ በጥቂቱ ከመቀነስ ይልቅ «ሰዓት» እና «ሰው» የተባሉትን ነቅለው ያውጡ፤ «ረሃብ» የተባሉትን ይጠብቁ። ሁሉንም ገበታ ግማሽ ያደረገ ሰው ቀኑን ሙሉ ይርበዋል፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይፈነዳል፣ ጠዋት ራሱን ይወቅሳል። ያልራበዎትን ምግብ ሲተዉ ግን የሚታገሉት ልማድን እንጂ ሆድን አይደለም፤ ልማድ ደግሞ በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ በጣም ይለዝባል። ከባልደረቦችዎ ጋር መቀመጡን አይተዉት፤ ስኳር የሌለው ሻይ ወይም ውኃ ይዘው ይቀመጡ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይቀልዱብዎታል። ያልፋል።

ከድሮው 3,900 ላይ 800 ስለቀነሱ አሁን ወደ 3,100 ካሎሪ እየበሉ ነው ማለት ነው። ከዚያ ላይ 750 ቢወጣ 2,350 ይቀራል፤ ወጪዎ 2,800 ነው። በቀን 450 ይጎድላል፣ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገና ያልሞላ ይወርዳል። ከዚህ በላይ መፍጠን አልመክርም። ምግብን በጣም በችኮላ መቀነስ ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ይዞ ይሄዳል፤ እርስዎ ደግሞ ያንን ዲስክ የሚደግፍ ጡንቻ ነው የሚያስፈልግዎት።

ለዚሁ ጡንቻ ሲባል በቀሩት ገበታዎች ላይ ፕሮቲን እንዳያንስ። በቀን 100 እስከ 130 ግራም ይበቃል፤ ሦስት ቦታ ቢከፈል በአንድ ገበታ 35 ወይም 40 ግራም ይሆናል። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት ወይም ጥራጥሬ ሊሆን ይችላል፤ ከየትኛው መምጣቱ አያሳስብዎት። ኩላሊትዎን አሞዎት የሚያውቅ ከሆነ ግን ይህንን ቁጥር መጀመሪያ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። ዘይትን በዓይን ሳይሆን በማንኪያ ይለኩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው፣ ሲፈስ አይታወቅም።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው። ጡንቻ ለመገንባት ብዙ ሥራ ይፈልጋል፤ የተገነባውን ለማቆየት ግን በጣም ትንሽ ይበቃዋል። ለ11 ዓመት የገነቡትን በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 30 ደቂቃ ያህል በሚወስድ የጉልበት ስፖርት መጠበቅ ይችላሉ። ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሣት፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ በላስቲክ መጎተት፣ ጀርባ ላይ ተኝቶ ዳሌ ማንሣት። ከባድ ነገር ከመሬት ጎንበስ ብሎ ማንሣት ለአሁኑ ይቅር፤ ዲስኩን ያየው ፊዚዮቴራፒስት ፈቃድ ይስጥበት። እግርዎ ላይ የሚወርድ ሕመም ከጨመረ ያቁሙ። በእግሮችዎ መሀል መደንዘዝ ወይም ሽንት አለመቆጣጠር ከመጣ ደግሞ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂዱ፤ ይህ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

በየቀኑ ደግሞ ይራመዱ። አምስት ኪሎ ሜትር በእርስዎ ክብደት ወደ 250 ካሎሪ ነው፣ ለዲስክም ከሩጫ ይሻላል። አንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ከምሳ በኋላ 20 ደቂቃ፣ የቀረው ጠዋትና ማታ ይሁን። ከምግብ በኋላ መራመድ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያወርዳል፤ እርስዎ ላይ ይህ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። ከሁሉም በላይ ግን መራመዱ ከ«ምንም የማይንቀሳቀስ» ወደ «ቀለል ያለ ሥራ» መስመር ይመልስዎታል። የፋብሪካውን ጥናት ያስታውሱ፤ ረሃብ እንደገና ልክ መሥራት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ይህን የሚያነብ ስፖርት ያቆመ ሰውም ይኖራል። ነገሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የልምምዱ ምግብ ነው። ከልምምድ በፊት የሚበላው፣ ከልምምድ በኋላ የሚጠጣው፣ «ለነገ ጉልበት» ተብሎ የሚሞላው ራት ይቀራል። ለውድድር ክብደት ሲቀንሱና መልሰው ሲጨምሩ የኖሩት ቦክሰኞችና የትግል ስፖርተኞች በተለይ ይጠንቀቁ። በቀድሞ ምርጥ ስፖርተኞች ላይ ፊንላንድ ውስጥ የተደረገ ክትትል እነሱ ከሌሎቹ ስፖርተኞች በላይ ክብደት እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ለእነሱ የድሮውን የፈጣን ቅነሳ ዘዴ መልሶ መጠቀም አይበጅም።

ምን እየለኩ ይከታተሉ? ሚዛን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ጠዋት ከመብላትዎ በፊት፤ ከዚያም የወሩን አዝማሚያ ይዩ። ዋናው መለኪያዎ ግን ሜትር ይሁን። ጫኝ በነበሩበት ጊዜ በክብደትና ቁመት ሒሳብ፣ ቢኤምአይ በሚባለው፣ 26 ገደማ ነበሩ፤ ሰንጠረዡ «ውፍረት ጀምሯል» ይልዎት ነበር፣ የነበረው ግን ጡንቻ ነው። ሆድ ውስጥ የሚከማቸው ስብ ነው ልብንና ስኳርን የሚያውከው፣ እሱን ደግሞ የወገብ ዙሪያ ያሳያል። ጥሩው መጠን ከቁመት ግማሽ በታች ነው፤ ለእርስዎ 89 ሴንቲ ሜትር። ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መሀል፣ ትንፋሽ አውጥተው፣ ሆድ ሳይስቡ ይለኩ። 82 ኪሎ መድረስ ግዴታ አይደለም። 85 ወይም 86 ላይ ወገብዎ 90 አካባቢ ከሆነ ሥራው ተሠርቷል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የመጀመሪያዎቹ አምስት ስድስት ኪሎዎች ብቻቸውን የደም ግፊትና የስኳር ውጤት ላይ ለውጥ ያመጣሉ።

በአራተኛው አምስተኛው ወር ቅነሳው ይቀዘቅዛል። ይህ ከላይ ያየነው ሒሳብ ተገልብጦ ነው፤ አንድ ኪሎ በወረደ ቁጥር ወጪዎ በ24 ካሎሪ ገደማ ይቀንሳል። ስምንት ኪሎ የወረደ ሰው በቀን 200 ያህል ያነሰ ያቃጥላል። ያን ጊዜ አይደናገጡ፤ መዝገቡን ለአንድ ሳምንት እንደገና ይጻፉ። ብዙ ጊዜ ከወጡት «ሰው» ምግቦች አንዱ ተመልሶ ገብቶ ያገኙታል።

ካልጠየቁኝ ነገር አንዱን ግን ማለፍ አልፈልግም። ለዲስኩ ሕመም ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? ለነርቭ ሕመም ከሚታዘዙት ውስጥ ፕሪጋባሊን፣ ጋባፔንቲንና አሚትሪፕቲሊን ክብደት ይጨምራሉ። ፕሬድኒሶሎንም እንደዚሁ። ከእነዚህ አንዱን ከያዙ ጭማሪው ከጀመረበት ወር ጋር ያስተያዩት። በራስዎ ግን አያቁሙ፤ ድንገት ሲቆሙ ችግር የሚያመጡ አሉ። ላዘዘልዎት ሐኪም «ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ይህን ያህል ጨመርኩ» ብለው ይንገሩት፤ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ሊቀይርልዎት ይችላል።

እዚያው ሲሄዱ የደም ግፊት፣ የስኳርና የኮሌስትሮል ምርመራ ያድርጉ። ድካም፣ ብርድ ብርድ ማለትና የሆድ ድርቀት ካለብዎት የታይሮይድ ምርመራም ይጨመር። ሌሊት በኃይል እንደሚያንኮራፉና ትንፋሽዎ ቆም ቆም እንደሚል ሰው ከነገረዎት፣ ቀን ደግሞ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ከጣለዎት፣ እሱንም አይደብቁ፤ ከአንገትና ከሆድ ውፍረት ጋር የሚመጣ የእንቅልፍ ችግር ነው፣ ሕክምና አለው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት ሦስት ኪሎ ጨምረው እግርዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ደግሞ ያ ስብ አይደለም፣ ውኃ ነው፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይታዩ።